አጎቴ ኪዩቡን ገፋልኝ፣ እኔ ተውኩት፤ ተሳስቻለሁ?

የሐይቁ ልጅ (ሐዋሳ) · እሑድ፣ ከምሽቱ 3:40

ጤና ይስጥልኝ። ከአጎቴ ጋር በየእሑዱ ባክጋሞን እንጫወታለን። ፍቅር ሐይቅ ዳር ያለች አንዲት ካፌ ነው የምንቀመጠው። ጨዋታውን እሱ ጅቡቲ ሲሠራ ተምሮት መጣ፣ ለእኔ አስተማረኝ። የምንጫወተው በማኪያቶ ነው። አንድ ነጥብ አንድ ማኪያቶ። ጨዋታውን እጥፍ የሚያደርገው የደብል ኪዩብ 2 ላይ ከሆነ ሁለት፣ 4 ላይ ከሆነ አራት። ኪዩቡ የተገፋበት ሰው ወይ ጨዋታውን ትቶ ይከፍላል፣ ወይ ተቀብሎ በእጥፍ ይጫወታል።

ዛሬ ሁለት ጨዋታዎች እንቅልፍ ነሱኝ።

የመጀመሪያው እንዲህ ነው። ሁለታችንም ጠጠር እያወጣን ነው። እኔ የቀሩኝ ሁለት ጠጠሮች ናቸው፤ ሁለቱም አንደኛው ቤት ላይ። ተራ ከደረሰኝ ዳይሱ ምንም ይምጣ ምን አወጣቸዋለሁ። እሱም ሁለት ቀርተውታል። አንዱ አምስተኛው ቤት፣ አንዱ ሁለተኛው ቤት ላይ። ተራው የእሱ ነው። ዳይሱን ከማንሳቱ በፊት ኪዩቡን 2 ላይ አድርጎ ወደ እኔ ገፋው። "ይሄ ሰውዬ እርግጠኛ ባይሆን አይገፋም" አልኩና ተውኩት። አንድ ማኪያቶ ከፈልኩ።

ሁለተኛው። እኔ ስድስት ጠጠር አለኝ፣ ሁሉም አንደኛው ቤት። እሱም ስድስት፣ ሁሉም አንደኛው ቤት። ተራው የእሱ። ገፋው። እኩል ነን ብዬ ተቀበልኩ። ተሸነፍኩ፣ ሁለት ማኪያቶ።

አጎቴ "የሚያዘውን ጥለህ የሚጣለውን ያዝክ" አለኝ። ለምን ስለው "ራስህ ድረስበት" ብሎ ተነሳ። እስቲ እናንተ ንገሩኝ። ዕድሌን እንዴት ነው የምገምተው?

---

አሞራ ገደል · እሑድ፣ ከምሽቱ 4:05

ወንድሜ፣ ይሄ ቀላል ነው። ከ50 ከመቶ በላይ የማሸነፍ ዕድል ካለህ ተቀበል። ከዚያ በታች ከሆነ ተው። በመጀመሪያው ጨዋታ እሱ ነው የሚወረውረው፣ ስለዚህ እሱ ይበልጥሃል። መተውህ ልክ ነው። በሁለተኛው እኩል ናችሁ፣ መቀበልህም ልክ ነው። ዕድል ነው የጎዳህ። አጎትህ ሊያናድድህ ፈልጎ ነው።

---

ደብል ስድስት · እሑድ፣ ከምሽቱ 4:12

ደብልን በተመለከተ የእኔን ልምድ ላካፍል። ዳይሱን እጄ ውስጥ በደንብ ካሻሸሁት ቶሎ ቶሎ ይመጣልኛል። ከአምስት ውርወራ በኋላ ካልመጣ ደግሞ ስድስተኛው ላይ የግድ ይመጣል። አጎትህ ስንት ጊዜ ነው ደብል የወጣለት?

---

የሐይቁ ልጅ · እሑድ፣ ከምሽቱ 4:20

ደብል ስድስት፣ እኔ ያልኩት ኪዩቡን ነው። ጨዋታውን እጥፍ የሚያደርገውን፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64 የተጻፈበትን። የዳይሱን አይደለም። እንዳንደናገር ሁለቱ ዳይሶች አንድ ዓይነት ቁጥር ሲያሳዩ መንታ እንበለው። አጎቴም እንደዚያ ነው የሚለው።

---

መምህርት ከታቦር (ሐዋሳ) · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:15

ጥያቄህን ሌሊት አይቼው ጠዋት ልመልስልህ ብዬ ነው። አጎትህ ልክ ናቸው። በሁለቱም።

አሞራ ገደል 50 ከመቶ ያሉት ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሕተት ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። ኪዩብ ሲገፋብህ የምትመርጠው በማሸነፍና በመሸነፍ መካከል አይደለም። አንድ ማኪያቶ አሁኑኑ በመክፈልና በሁለት ማኪያቶ በመጫወት መካከል ነው። መተው ነጻ አይደለም። ይህ ከገባህ ሌላው ሁሉ ይገባሃል።

አሁን ያው አንድ ዓይነት ቦታ አራት ጊዜ ገጠመህ እንበል። አራቱንም ብትተው አራት ማኪያቶ ከፈልክ። አራቱንም ተቀብለህ አንዱን ብቻ ብታሸንፍስ? ሦስቱን ስትሸነፍ ስድስት ትከፍላለህ። አንዱን ስታሸንፍ ሁለት ትጠጣለህ። ስድስት ሲቀነስ ሁለት፣ አራት። ያው እኩል ነው። ስለዚህ ከአራት ጨዋታ አንዱን የምታሸንፍ ከሆነ መተውም መቀበልም አንድ ነው። ከዚያ ትንሽ ካለፍክ መቀበል ይሻላል። ድንበሩ 25 ከመቶ ነው፤ 50 አይደለም።

አሁን የመጀመሪያውን ጨዋታ እንቁጠረው። ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወራረድ አለው። አጎትህ አምስተኛውንና ሁለተኛውን ቤት በአንድ ውርወራ ባዶ ማድረግ አለባቸው። የሚያወጣቸው የትኛው ነው? ራስህ ቁጠርና እዚህ ጻፍልኝ። ከዚያ እቀጥላለሁ።

---

ባጃጁ (ሐዋሳ) · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:50

ደንበኛ እየጠበቅኩ ስልኬ ላይ ቆጠርኩት። 6ና5፣ 6ና4፣ 6ና3፣ 6ና2፣ 5ና4፣ 5ና3፣ 5ና2። ሰባት ናቸው። መንታ 6፣ መንታ 5፣ መንታ 4፣ መንታ 3፣ መንታ 2። አምስት ናቸው። በጠቅላላ 12። ሁለት ዳይስ የሚሰጠው የተለያየ ውጤት ደግሞ 21 ነው። 12 ለ21፣ 57 ከመቶ ለአጎትየው።

መምህርት፣ ትክክል ነኝ?

---

መምህርት ከታቦር · ሰኞ፣ ከቀኑ 6:30

ዝርዝሩ አንድም አልጎደለም፤ መንታ 2 እንኳን አልረሳህም። ብዙ ሰው እሱን ይረሳል። መንታ 2 አራት ጊዜ ያስኬዳል። አምስተኛው ቤት ያለው ጠጠር ሦስት፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ይወጣል። አራተኛው 2 ሁለተኛውን ቤት ያወጣል። በትክክል ይበቃል።

የተሳሳትከው አካፋዩ ላይ ነው። አንዱ ዳይስ ነጭ፣ አንዱ ቀይ ነው እንበል። 6ና5 በሁለት መንገድ ይመጣል። ነጩ 6 ቀዩ 5፣ ወይም ነጩ 5 ቀዩ 6። መንታ 6 ግን አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ሰባቱ ለየብቻ ሁለት ሁለት ጊዜ ይቆጠራሉ፤ 14። አምስቱ መንታዎች አንድ አንድ ጊዜ፤ 5። ድምሩ 19። ከ36 አወራረድ 19ኙ ለአጎትህ፣ 17ቱ ለአንተ።

የሐይቁ ልጅ፣ የተውከው 47 ከመቶ የማሸነፍ ዕድል ያለውን ጨዋታ ነው። የሚያስፈልግህ 25 ነበር።

በማኪያቶ እንየው። ይህ ቦታ 36 ጊዜ መጥቶ ሁሌ ብትተው 36 ማኪያቶ ትከፍላለህ። ሁሌ ብትቀበል 19 ጊዜ ትሸነፋለህ፣ 17 ጊዜ ታሸንፋለህ። ልዩነቱ ሁለት ጨዋታ ነው፤ በእጥፍ አራት ማኪያቶ። 36 ወይስ 4?

---

አሞራ ገደል · ሰኞ፣ ከቀኑ 7:10

መምህርት፣ አመሰግናለሁ። 25ቱ ገባኝ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። 53 ለ47 ከሆነ አጎትየው ለምን ገፋ? ለትንሽ ብልጫ ጨዋታውን እጥፍ ማድረግ አደጋ አይደለም?

---

መምህርት ከታቦር · ሰኞ፣ ከቀኑ 7:45

የመጨረሻው ውርወራ ስለሆነ ነው። ከዚህ ውርወራ በኋላ ኪዩቡ ለማንም አይጠቅምም። ወይ አጎትየው ጨርሰዋል፣ ወይ ልጁ ይጨርሳል። በ36 ጨዋታ የሁለት ጨዋታ ብልጫ አላቸው። ባይገፉ ሁለት ማኪያቶ ያተርፋሉ፣ ቢገፉ አራት። የሚያጡት ነገር የለም። በመጨረሻው ውርወራ ላይ ከ18 አንድ እንኳን ቢበልጥ ይገፋል።

ይህን ግን ወደ ሌላ ቦታ እንዳትወስዱት። ጨዋታው ገና ረጅም ከሆነ በ53 ከመቶ መግፋት ስሕተት ነው። ኪዩቡን ስትገፋ ለባላጋራህ ትሰጠዋለህ። ከዚያ ወዲያ መልሶ የመግፋት መብት የእሱ ብቻ ነው፣ አንተ መንካት አትችልም። ያንን መብት በርካሽ አትስጥ።

---

የአክስት ልጅ (ሐዋሳ) · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:20

እኔም ጠረጴዛው ላይ ነበርኩ። አሳ ጥብሴን እየበላሁ እያየሁ ነበር። ይቅርታ የሐይቁ ልጅ፣ የጋሼ ጠጠሮች አምስተኛውና ሁለተኛው ቤት ላይ አልነበሩም። አራተኛውና ሦስተኛው ላይ ነበሩ። ያው ሰባት እርምጃ ነው፤ ለውጥ ያመጣል?

---

የሐይቁ ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:32

አንቺ ደግሞ! አምስትና ሁለት ነበር። አምስተኛው ቤት ላይ ያለውን አይቼ ነው የፈራሁት።

---

መምህርት ከታቦር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ጥሩ ጠየቅሽ፤ ለውጥ ያመጣል። እንዲያውም ጨዋታው ላይ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

አራትና ሦስት ከሆነ የሚያወጡት እነዚህ ናቸው። 6ና5፣ 6ና4፣ 6ና3፣ 5ና4፣ 5ና3፣ 4ና3። ስድስት፣ በሁለት ሁለት 12። መንታዎቹ ከ2 እስከ 6 አሁንም ያወጣሉ፤ 5። ድምር 17። 6ና2 እና 5ና2 አይበቁም፤ ሦስተኛው ቤት ያለው አንደኛው ቤት ላይ ይቀራል። ስለዚህ አሁን 17 ለአጎትየው፣ 19 ለልጁ። በአራትና ሦስት ከገፉ የተሳሳቱት እሳቸው ናቸው።

ስድስትና አንድ ቢሆንስ? እሱም ሰባት እርምጃ ነው። ሁለቱንም ለማውጣት መንታ ካልመጣ 6 ራሱ መምጣት አለበት። 6 ያለበት 11 አወራረድ አለ። ከመንታ 2 እስከ መንታ 5 አራት ይጨምራሉ። 15 ብቻ።

ሦስቱም ሰባት እርምጃ ናቸው። አንዱ 19፣ አንዱ 17፣ አንዱ 15። የቀረ እርምጃ መቁጠር ረጅም ሩጫ ላይ ጥሩ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ያታልላል። የሐይቁ ልጅ የቀረው እርምጃ ሁለት ብቻ ነበር፣ አጎትየው ሰባት። በእርምጃ ከሄድክ አንተ ሩቅ ቀድመሃል። ሆኖም በአምስትና ሁለት የሚበልጡት እሳቸው ናቸው፣ ምክንያቱም ተራው የእሳቸው ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጠጠር ሲቀር እርምጃ አትቁጠር፤ ውርወራ ቁጠር።

ከሦስቱ በየትኛውም አቀማመጥ ቢሆኑ ግን የአንተ መተው ልክ አይሆንም።

---

የአክስት ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:25

አራትና ሦስት ነበር። ጋሼን እጠይቃለሁ።

---

ቁጥር ወዳጅ (አዲስ አበባ) · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:00

ስለ ሁለተኛው ጨዋታ ማንም አላነሳም። እኔ ሠርቼዋለሁ። ስድስት ጠጠር ለስድስት ጠጠር ነው፣ ሁሉም አንደኛው ቤት። መንታ ካልመጣ በአንድ ውርወራ ሁለት ይወጣል፤ ሦስት ውርወራ ያስፈልጋል። መንታ ከመጣ አራት ይወጣል።

ልጁ የሚያሸንፈው ሁለት ነገር ሲገጥም ብቻ ነው። አጎትየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ውርወራዎች መንታ አይመጣላቸውም፤ ከ36 25። ልጁ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ውርወራዎች አንድ መንታ ያገኛል፤ ከ36 11። ሲባዛ ከ1296 ላይ 275፣ ማለትም 21.2 ከመቶ።

ከ25 በታች ነው፣ ስለዚህ መተው ነበረበት ትላላችሁ። እኔ ግን መቀበሉ ልክ ነው ባይ ነኝ። ኪለርና ስፔንሰር በ1975 ባሳተሙት ጥናት ኪዩቡን የያዘ ሰው መልሶ የመግፋት መብቱ ዋጋ እንዳለው አሳይተዋል። ጨዋታው ሳይዘል ቀስ እያለ የሚዋዥቅ ቢሆን የመቀበያው ድንበር 20 ከመቶ ነው። 21.2 ከ20 ይበልጣል። ተቀበል!

---

የሐይቁ ልጅ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:30

ይመስገን! ቢያንስ በአንዱ ትክክል ነበርኩ ማለት ነው?

---

መምህርት ከታቦር · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:40

አልነበርክም። የቁጥር ወዳጅ ስሌት ንጹሕ ነው። 21.2 ልክ ነው። 20 የሚለውም ልክ ነው። ሁለቱ ግን የአንድ ጨዋታ ቁጥሮች አይደሉም።

መልሶ የመግፋት መብት ዋጋ የሚኖረው ከተጠቀምክበት ነው። እስቲ ሰሌዳውን አስቡት። የሐይቁ ልጅ ተቀበለ። ኪዩቡ 2 ላይ ሆኖ በእሱ በኩል ተቀምጧል። አጎትየው መንታ አልመጣላቸውም። አራት ቀራቸው። አሁን ተራው የልጁ ነው፤ ስድስት ጠጠር አለው። ይግፋ? ሩቅ ተቀድሟል፣ አይገፋም። ይወረውራል። መንታ መጣለት እንበል። ሁለት ቀረው። አጎትየው ይወረውራሉ። መንታ ከመጣ አበቃ፣ አሸነፉ። ካልመጣ ሁለት ቀራቸው። አሁን ተራው የልጁ ነው፤ ሁለት ጠጠር በአንደኛው ቤት። አሁን ቢገፋ አጎትየው ይተዋሉ። ግን ባይገፋም ያሸንፋል። ኪዩቡ አንድም ማኪያቶ አልጨመረለትም።

መንታው ያልመጣለት እንደሆነ ደግሞ አራት ይዞ ነው ተራው የሚደርሰው። አጎትየው ሁለት ብቻ ቀርቷቸው ይጠብቁታል። ያኔ መንታ የግድ ያስፈልገዋል፤ ከስድስት አንዱ ነው። ያኔም አይገፋም። ማለትም ኪዩቡ እጁ ላይ አለ፣ የሚጠቀምበት ቅጽበት ግን የለም። 25 ባለበት ይቆያል።

ረጅም ሩጫ ላይ ግን ቁጥር ወዳጅ ያለው እውነት ነው። ብልጫው በየውርወራው ጥቂት ጥቂት ይቀያየራል። ከኋላ የነበረው ሰው ሲቀድም ኪዩቡን መልሶ ይገፋና ሌላውን ያስወጣዋል። እዚያ ድንበሩ 21 ወይም 22 አካባቢ ይወርዳል። 20 ድረስ በተግባር አይወርድም፤ ዳይስ ይዘላልና።

በመቶ ጨዋታ ልቁጠርልህ። ብትተው መቶ ማኪያቶ። ብትቀበል 21 አሸንፈህ 42 ታገኛለህ። 79 ተሸንፈህ 158 ትከፍላለህ። 116 ወጣህ። ስሕተቱ ከመጀመሪያው በጣም ያንሳል፣ ግን ስሕተት ነው።

---

ቁጥር ወዳጅ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:15

ደረጃ በደረጃ ሰሌዳ ላይ ዘርግቼ አየሁት። ልክ ነዎት መምህርት፣ ኪዩቡ አንድም ጊዜ አይሠራም። ጥናቱን አንብቤ ቁጥሩን ብቻ ነው የያዝኩት። የሚዋዥቅ ጨዋታ የሚለውን ራሴ ጽፌው አልፌዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። ስምንት ለስምንት ቢሆንስ? ሠራሁት፤ ተቀባዩ 25.5 ከመቶ ገደማ ያሸንፋል። መንታ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውርወራዎች በአንዱ ሊመጣለት ይችላል፤ አንድ ተጨማሪ ዕድል አገኘ ማለት ነው።

---

መምህርት ከታቦር · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:00

25.5 ልክ ነው። ያ ይገፋል፣ ይቀበላልም። በመቶ ጨዋታ ብትተው 100፣ ብትቀበል 98 ገደማ። ለጥቂት ነው። ስለዚህ ጠጠሮቹ ሁሉ አንደኛው ቤት ላይ ሆነው ሁለታችሁም ሦስት ውርወራ ከቀራችሁ ተው። አራት ከቀራችሁ ተቀበል። እኔ ይህን ሳልቆጥር ነው የማውቀው፤ እናንተም በቃላችሁ ያዙት። እኩል የሚመስለው ቦታ እኩል ያልሆነው ሌላው ቀድሞ ስለሚወረውር ነው። ጠጠር ባነሰ ቁጥር ያ የአንድ ውርወራ ቅድሚያ ይከብዳል።

---

ልጅት ከፍራንኮ (አዳማ) · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

ከአዳማ ነኝ። እኔ ስልኬ ላይ ነው የምጫወተው፤ ከሥራ መልስ ባጃጅ ውስጥም ሳይቀር። የእኔ ችግር ሌላ ነው። እንደ እናንተ ሁለት ሦስት ጠጠር ሲቀር አይደለም። ትናንት ገና ረጅም ሩጫ ላይ ነበርን። እኔ 80 እርምጃ ቀርቶኛል፣ ሰውየው 88። ተራው የእኔ። 36 አወራረድ እየቆጠርኩ ልጨርስ አልችልም። ገፋሁ፣ ተቀበለኝ፣ አሸነፍኩ። ግን መግፋቴ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። መምህርት፣ ለዚህም መቁጠር አለብኝ?

---

መምህርት ከታቦር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

አይ የኔ ልጅ፣ እዚያ ውርወራ አይቆጠርም። እዚያ እርምጃ ነው የሚቆጠረው። ለረጅም ሩጫ ተጫዋቾች የሚይዙት 8፣ 9፣ 12 የሚባል ደንብ አለ። ተራው ያንቺ ሲሆን የራስሽን እርምጃ ቁጠሪ። ብልጫሽ የራስሽ እርምጃ 8 ከመቶ ከደረሰ ግፊ። ኪዩቡ አንቺ እጅ ከነበረና መልሰሽ የምትገፊ ከሆነ 9 ጠብቂ። ሌላው ሰው ብልጫሽ 12 ከመቶ እስኪሆን ድረስ ይቀበላል። 12 ላይ አንቺ የምታሸንፊው ወደ 78 ከመቶ ነው፤ ቅድም ካልኩት የ22 ድንበር ጋር ይገናኛል።

የአንቺን እንየው። 80 ላይ 8 ከመቶ 6.4 ነው። 12 ከመቶ 9.6። ብልጫሽ 8 ነበር። በመካከል ነው። መግፋትሽ ልክ፣ የእሱ መቀበልም ልክ። ሰውየው 90 ቢኖረው ግን መተው ነበረበት።

ይህ ደንብ ጠጠሮቹ በደህና ሲበተኑ ነው የሚሠራው። አምስት ጠጠር አንደኛው ቤት ላይ የቆለለ ሰው እርምጃው ትንሽ ይመስላል፤ ግን 6 ሲመጣለትም አንድ እርምጃ ነው የሚበላው፣ የቀረው ይባክናል። እሱ ከሚታየው በላይ ወደ ኋላ ነው። አራተኛው፣ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ቤቱ ባዶ የሆነም እንደዚሁ፤ ቁጥር ይመጣና የሚወጣ ጠጠር አያገኝም። ስለዚህ ስትቆጥሪ የተቆለለውን እይና በሰውየው ላይ ሁለት ሦስት እርምጃ ጨምሪበት።

---

ልጅት ከፍራንኮ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ሰውየው ሦስተኛው ቤት ላይ አምስት ቆልሎ ነበር መሰለኝ። ስክሪኑን አላነሳሁትም። እንግዲያ 88 ያልኩት 90 ሊሆን ይችላል?

---

መምህርት ከታቦር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:28

ሊሆን ይችላል። ሳላይ አልፈርድም።

---

ደብል ስድስት · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:00

ሁሉንም አነበብኩ። ደብል ማለት ኪዩቡ መሆኑን አሁን ነው የገባኝ። ይቅርታ። ግን መንታ ከስድስት አንዱ ነው ካላችሁ፣ አምስት ጊዜ ካልመጣ ስድስተኛው ላይ መምጣት የለበትም?

---

ባጃጁ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:40

ወንድሜ፣ ዳይሱ ትናንት ምን እንዳሳየ አያስታውስም። አምስት ደንበኛ ወደ ፒያሳ ከሄደ ስድስተኛው የግድ ታቦር ይሄዳል ማለት ነው? እኔ በየቀኑ ነው የማየው፤ አይሆንም። ስድስተኛውም ውርወራ ከስድስት አንድ ነው።

---

የሐይቁ ልጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:50

ዛሬ አጎቴ ጋ ሄጄ ነበር። እሑድ እስኪደርስ አልቻልኩም። 19ን፣ 17ን፣ 275 ለ1296ን ነገርኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ከዚያ ሰሌዳውን አወጣ። ስምንት ጠጠር ለእኔ፣ ስምንት ለእሱ፣ ሁሉንም አንደኛው ቤት ላይ ደረደረ። ኪዩቡን ወደ እኔ ገፋ። አራት ውርወራ ነው፣ 25.5፣ እቀበላለሁ አልኩ። "ባለፈው ወር እስከ አምስት ነጥብ ተጫውተን ሦስት ለሦስት ስንሆን እንዲህ ገፋሁብህ፣ ያኔም ተቀበልክ፣ ያ ግን ስሕተት ነበር" አለኝ። እንደገና ግራ ገባኝ። ያው ጠጠር፣ ያው ዳይስ፣ ያው 25.5 አይደለም?

---

መምህርት ከታቦር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:00

አጎትህን አንድ ቀን ባገኛቸው ደስ ይለኛል።

እስከ አምስት ስትጫወቱ ማኪያቶ አይደለም የምትቆጥረው፤ ግጥሚያውን ማሸነፍ ነው። ሦስት ለሦስት ሆናችሁ ተቀበልክ እንበል። ጨዋታው በ2 ነው። ያሸነፈ አምስት ደረሰ፣ አበቃ። ስለዚህ ስትቀበል ግጥሚያውን የማሸነፍ ዕድልህ 25.5 ነው።

ብትተውስ? እሳቸው አራት፣ አንተ ሦስት ትሆናላችሁ። አላለቀም። በክሮፎርድ ደንብ የሚቀጥለው ጨዋታ ላይ ኪዩብ የለም። ግማሽ ያህሉን ታሸንፋለህ። ከምታሸንፈው ከአምስት አንዱ ገደማ ጋሞን ይሆናል እንበል፤ ሁለት ነጥብ ነው፣ ግጥሚያውን እዚያው ወሰድክ። ቀሪው አራት ለአራት ያደርግሃል፣ ያ ደግሞ ግማሽ ለግማሽ። ከመቶ 50 አሸነፍክ። 10ሩ በጋሞን ጨረሱት። ከ40ው 20 አሸነፍክ። ድምር 30።

ብትተው 30፣ ብትቀበል 25.5። በማኪያቶ የሚያዘው በግጥሚያ የሚጣል ሆነ።

---

ቁጥር ወዳጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:25

ከአምስት አንዱ ጋሞን የሚለው ግን እንደ ተጫዋቹ ይለያያል። አጎትየው በጣም ከበለጡት ልጁ ቀጣዩን ጨዋታ ግማሽ አያሸንፍም። ያኔ 30ው 26 ቢሆንስ? ያኔ መቀበሉ ያን ያህል መጥፎ አይደለም።

---

መምህርት ከታቦር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:40

ያ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ደካማው ተጫዋች አንድ ጨዋታ ላይ ሁሉንም ማስያዝ ሊመርጥ ይችላል፤ ረጅም ሲሆን እውቀት ይበልጣልና። ከእሳቸው ጋር ከተጫወታችኋቸው ግጥሚያዎች ስንቱን አሸነፍክ፣ የሐይቁ ልጅ?

---

የሐይቁ ልጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:52

አልቆጠርኩም። ከእሑድ ጀምሮ በደብተር እይዛለሁ።

---

የአክስት ልጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:10

ጋሼን ጠየቅኳቸው። ጠጠሮቹ አራተኛውና ሦስተኛው ቤት ላይ ነበሩ ወይስ አምስተኛውና ሁለተኛው አልኳቸው። "አምስትና ሁለት ባይሆን እገፋ ነበር?" አሉኝ። እኔ ግን አሁንም አራትና ሦስት ነው ያየሁት።